ባዶ ወንበር ስንት ነጥብ ያገኛል?

ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ከሠራተኛው ቀድሞ ቢሮ ይገባል ይባላል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ዓሊያ ትቀድመው ነበር።

ሱሌይማን ይህን የሚናገረው ሰው ሲያገኝ ነው፤ ሰው ካጣም ለራሱ ይናገረዋል። የገበሬዎቹ ዩኒየን የምርት አሰባሰብ ክፍል ኃላፊ ነው። ሽንኩርትና ማሾ ከማሳ ተነስቶ መኪና ላይ እስኪወጣ ድረስ ያለው ጣጣ ሁሉ በእሱ ትከሻ ነው። ጡረታው ደርሷል። ጡረታው የደረሰ ሰው ወደ ኋላ ማየት ቢያበዛ አይፈረድበትም፤ ሱሌይማን ግን አብዝቶ አብዝቶ አንገቱ እዚያው ቀርቶ ነበር።

በእሱ የወጣትነት ዘመን ቢሮው አንድ ረጅም ክፍል ነበር። ጠረጴዛዎቹ ተጋጥመው ተደርድረው፣ ከአንዱ ዳር ያለው ሲያስነጥስ ከሌላው ዳር ያለው «ይማርህ» ይለዋል። ግቢው መሐል አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ አለ። ፀሐይ ስትጠና ሁሉም ወረቀቱን ይዞ ከሥሩ ይወጣል፤ ዝንጅብል ያለበት ሻይ ይመጣል፤ የሮቃ ፍሬ የሚመጥ አለ፤ ደብዳቤ የሚጽፍ አለ፤ የሚያሾፍ ደግሞ ሞልቷል። የያኔው ሥራ አስኪያጅ ጋሽ ገብረሚካኤል በመስኮት ብቅ ብለው ሁሉም መኖሩን ያዩና «እሰይ፣ ቤቴ ሞላ» ብለው ይመለሳሉ። ለዒድ የእስላሞቹ ቤት፣ ለፋሲካ የክርስቲያኖቹ ቤት ይከረማል፤ ሥጋው ባይገናኝም ሳቁ ይገናኛል።

የሳቁ ባለቤት ዓሊያ ነበረች። ስልኩ ያኔ አንድ ነው፣ የሱ ኃላፊ እሷ። ገበሬዎቹን በድምፃቸው ትለያቸዋለች። የምትቀመጥበት የጠፍር ወንበር ደግሞ መደገፊያው ላይ አንድ ብቅ ያለ ሚስማር አለው። ጠዋት ጠዋት ደገፍ ስትል ሚስማሩ ነጠላዋን ይይዛታል።

«ሱሌይማን! ዛሬም አልመታኸውም?»

«ነገ፣ ኢንሻአላህ።»

ክፍሉ በሳቅ ያልቃል። መዶሻው መሳቢያው ውስጥ ነበር። ሚስማሩ ከተመታ ግን ሳቁ ይቀራል፤ ሱሌይማን ደግሞ ያንን ሳቅ ሳይሰማ ቀኑ የጀመረ አይመስለውም ነበር። ወደዳት ማለት ነው? ያን ዘመን እንዳለ ወደደው እንበል፤ እሷ መሐሉ ላይ ነበረች።

ከዚያ የሆነው ሆነ። ጋሽ ገብረሚካኤል አረፉ። የዓሊያ ዓይን መደብዘዝ ጀመረ፤ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ «ዘግይቷል» አሏት፤ ብርሃኗ ጨርሶ ጠፋና ወደ ትውልድ ቤቷ ካራቆሬ ገባች። ልጇ ናጅዋ ተፈትና፣ በራሷ ውጤት፣ እዚያው ዩኒየን ተቀጠረች። ሱሌይማን ያን ቀን የእናቷን ወንበር በጨርቅ ወልውሎ ጠበቃት። «ቤቴ ሞላ» ያለው እሱ ነበር፣ በሆዱ።

ደስታው አልቆየም። አንድ ከሰዓት በኋላ የመጣ ነፋስ የቢሮውን ቆርቆሮ ገነጣጥሎ ግማሹን መንገድ ዳር ወሰደው። ሠራተኛው ስልኩንና ኮምፒውተሩን ይዞ በየቤቱ ገባ። ጣሪያው እስኪታደስ ተብሎ ነበር፤ ጣሪያው ታደሰ፣ ሰው ግን ሁሉም አልተመለሰም። ሥራው በስልክና በኮምፒውተር የሚያልቅለት ካለበት ሆኖ ይሥራ ተባለ። ናጅዋ ካራቆሬ ከእናቷ ጋር ቀረች። በወር አንድ ጊዜ ለስብሰባ ትመጣለች፤ ጥግ ትቀመጣለች፤ ትሄዳለች። ወንበሩ ጠረጴዛው ሥር ተገፍቶ ባዶውን ተቀመጠ።

ሰኔ ገባ፤ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ደረሰ። አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ወርቅነሽ ደንብ አወጡ፦ መካከለኛና ከዚያ በታች ያገኘ ሠራተኛ ከርቀት መሥራቱ ይቀርና በየቀኑ ቢሮ ይገኛል። ይህ ለሌላው ቀላል ነገር ይሆናል። ለናጅዋ ግን ማየት የተሳናትን እናቷን ጥላ መውጣት ነው፣ ወይም ሥራውን መተው። ሌላ የሚያግዛት የለም። ይህን ቢሮው ሁሉ ያውቃል።

ሱሌይማንም ያውቃል። እሱ ግን ሌላ ሕልም አልሞበታል። ናጅዋ ከተጠራች እናቷን ይዛ ሸዋ ሮቢት ትመጣለች፤ ቤት ይፈለግላታል፤ ዓሊያም ከሰዓት በኋላ እየተመራች ሮቃው ሥር ትቀመጣለች። እንዲያ አስቦ ልቡ ሞቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የናፈቀ ሰው ነበር። የናፈቀ ሰው ግን አንዳንዴ ከክፉው ይብሳል፤ ክፉውስ ሰውን መጉዳቱን ያውቃል።

ምዘናውን ለመሙላት ተቀመጠ። የቅጹ ዋና ክፍል በዓመቱ መጀመሪያ ከሠራተኛው ጋር የተስማሙበት የሥራ ውጤት ነው፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ተነሳሽነትና ትብብር የሚሉ ነገሮች አሉ። ሱሌይማን ከመጨረሻው ጀመረ፤ እሱ ይቀላል። እንደ ናጅዋ ገበሬና መኪና የሚያገናኘውን፣ ቢሮ የሚውለውን ደረጄን አሰበ። ደረጄ ወዲያው መጣለት፦ ማለዳ መስኮት ሲከፍት፣ ለእንግዳ ወንበር ሲያቀርብ፣ የተበላሸውን ማተሚያ ሲጎረጉር፣ «ጋሼ፣ ሻይ ላምጣልዎት?» ሲል። ብዕሩ ሳያንገራግር ሄደ፤ ተነሳሽነት ሙሉ፣ ትብብር ሙሉ። እጁ በዚያው ሞቅታ ወደ ሥራ ውጤቱ ተሻገረና እዚያም እንዲያው አደረገ።

ናጅዋን አሰበ። ምንም አልመጣለትም። የመጣለት ባዶ ወንበር ነው። ባዶ ወንበር ስንት ነጥብ ያገኛል? ካይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይሉ የለ፤ ተነሳሽነት አማካይ፣ ትብብር አማካይ፣ ከዚያ ውጤቱም ተከትሎ አማካይ። ድምሩ መካከለኛ ሆነ። ደረጄ በጣም ከፍተኛ።

ወይዘሮ ወርቅነሽ ሁለቱንም አገላብጠው አዩ። የደብረ ሲና ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው አይጮህም።

«ጋሼ ሱሌይማን፣ ናጅዋ ምን ጎደላት?»

«እ… ልጅቷ ጨዋ ናት። ግን አትታይም።»

«አትታይም። ቦታዋ ካራቆሬ ነው፤ የፈቀድንላት እኛ ነን። የምጠይቅዎት የጎደለውን ሥራ ነው። ዓመቱ ሲጀመር ምን ልትሠራ ተስማማችሁ?»

ሱሌይማን ያውቀዋል፤ ራሱ ነው የጻፈው። መኪና በቀጠሮው ቀን ማሳ ይድረስ፣ ጭኖ ይውጣ፤ ሽንኩርቱ ቅጠሉ ሳይደርቅ ተነስቶ መጋዘን እንዳይበሰብስ፤ የገበሬ አቤቱታ በተባለው ጊዜ መልስ ያግኝ። ከነዚህ የትኛው ነው የጎደለው? 

«እንግዲህ…» አለ በመጨረሻ፣ «ሄጄ ልያት።»

«የሚያዩት ምንድን ነው?»

«ሥራዋን ነዋ!»

ወይዘሮ ወርቅነሽ ፈገግ ብለው ወረቀቱን መለሱለት። «ይሂዱ። ሲመለሱ ግን ከእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ ምን አይተው እንደሰጡ ይጻፉልኝ፤ ለሁለቱም።»

እንዲህ ያለ ነገር በጋሽ ገብረሚካኤል ዘመን ነበር? እሳቸው በመስኮት አይተው ይጨርሱታል። ሱሌይማን እያጉረመረመ ማንጎ ገዛና ሚኒባስ ያዘ። ጀውሃን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬን አልፎ ካራቆሬ ሲወርድ ፀሐዩ ገና አናት ላይ አልወጣም ነበር። መንገዱን ሙሉ ናጅዋን ጆሮዋ ላይ ስልክ ለጥፋ፣ ፊት ለፊቷ ኮምፒውተር ከፍታ እንደሚያገኛት እያሰበ፣ እንዲያ ካገኛት ነጥቧን ከፍ ሊያደርግላት ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር።

ዓሊያ ደጃፏ ጥላ ላይ ተቀምጣለች። ገና ሰላምታ ሳይሰጥ ራሷን ቀና አደረገች።

«ይህ ጫማውን የሚጎትት ሱሌይማን አይደለም እንዴ? ያ ረቢ!»

«አሰላሙ አለይኪ፣ ዓሊያ።»

«ወአለይከ ሰላም! ና፣ ና ተቀመጥ። ማንጎ ይዘሃል፤ ሸተተኝ።»

እጁን ይዛ አልለቅም አለች። ሸምግላለች፤ ድምፁ ግን ያው ነው፣ ያ የሞላ ድምፅ። ሱሌይማን አጠገቧ ተቀመጠ። አዎ፣ ናፍቃው ነበር። ይህን ከራሱ አልደበቀም።

«ናጅዋስ?» አለ።

«ቀስ በል፣ ተኝታለች።»

ወደ ውስጥ አየ። መጋረጃው ገለጥ ብሏል። ናጅዋ ጠዋት በሥራ ሰዓት፣ ፀሐይ በሞቀ አገር፣ ስልኳን ትራሷ አጠገብ አድርጋ ጥልቅ እንቅልፍ ወስዷታል። ሱሌይማን ደሙ ፈላ። ደረጄ ይኸኔ ከማተሚያው ጋር እየታገለ፣ እንግዳውን እያስተናገደ ነው! አይ ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ የሚያዩት ምንድን ነው አላሉም? ይኸው አየሁልዎት! ነጥቧን ከመካከለኛም ሊያወርደው በሆዱ ወሰነ።

ዓሊያ ወሬ አነሳች።

«ሮቃው አለ?»

«አለ። ያ ነፋስ ቅርንጫፉን ሰበረው እንጂ አልነቀለውም።»

«ወንበሬስ? ማን ተቀምጦበታል?»

«ማንም» አለ። «ምን አለ ያ ጊዜ ቢመለስ፣ ዓሊያ። ሁላችን ነበርን። ሁሉም ሰው ነበር።»

«እንዴት ያለ ጊዜ ነበር!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። «እናንተ ሮቃ ሥር ስትስቁ ስልኩ እኔ እጅ ነበር፣ ሱሌይማን። ስቄ ስጨርስ የማነሳው እኔ ነበርኩ። ‹መኪናው የታል? ሽንኩርቴ እኮ ፀሐይ ላይ ነው› ይለኛል ገበሬው። ስንቱ ሌሊት ከማሳው ዳር ከሽንኩርቱ ጋር አድሯል። ጋሽ ገብረሚካኤል ነፍሳቸውን ይማርና፣ በመስኮት ወደ ግቢው ነበር የሚያዩት። ወደ ማሳው መስኮት አልነበራቸውም።»

 እውነት ነው። ሱሌይማን ያንን የዘመኑን ግማሽ ረስቶት ነበር፤ ትዝታ እንደ ወንፊት ነው፣ የወደደውን ይዞ ሌላውን ያንጠባጥባል።

ናጅዋን አትቀስቅሻት ብሎ ተሰናበተ። ከመመለሱ በፊት ግን መጫኛ ቦታውን ማየት አለበት፤ የበጋው መስኖ ሽንኩርት ዛሬ ይጫናል ተብሏል። ባጃጅ ይዞ ከከተማው ወጣ። እዚያ ሲደርስ መኪና የለም። ሽንኩርት የለም። አንድ ገበሬ ብቻ ባዶ ጆንያ እያጠፈ ነው። ካሚል ይባላል፤ የአካባቢውን ገበሬዎች ወክሎ ከዩኒየኑ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው።

«መኪናው ሳይመጣ ቀረ?» አለ ሱሌይማን፣ ድምፁ ውስጥ አንዲት ትንሽ ‹ይኸው› ነበረች።

«መኪናው? ጭኖ ሄደ እኮ! በብርዱ ጫንን፣ ፀሐይ ሳይጠና ወጣ። ከሸዋ ሮቢት ከመጡ መንገድ ላይ ሳያልፍዎት አይቀርም።»

በእርግጥም አጣዬ አካባቢ አንድ የሽንኩርት መኪና አልፎት ነበር። እሱ ናጅዋን እንዴት እንደሚያገኛት እያሰበ ስለነበር ልብ አላለውም።

«ናጅዋ እኮ ተኝታ ነው ያገኘኋት» አለ፣ እንደ ክስም እንደ ጥያቄም አድርጎ።

ካሚል ጆንያውን አጥፎ ጨረሰ። «እኛ ቀን ማሳ ላይ ነን፤ ስልክ ማን ያነሳል? የምትደውልልን ንጋት ላይ ሱብሒ ሰግደን ሳንወጣ ነው፤ ማታ ደግሞ ከመግሪብ በኋላ። የማን ሽንኩርት አንገቱ ደረቀ፣ የማን ገና ነው፣ ስትጠይቅ ትውላለች ሳይሆን ስትጠይቅ ታነጋለች። ወላሂ፣ መቼ እንደምትተኛ አላውቅም። መኪናው መቼ እንደሚመጣ ግን አውቃለሁ።»

ሱሌይማን መልሱን ይዞ ሚኒባስ ላይ ወጣ። የሚያሳፍረው ያሰበው ክፉ ሐሳብ ብቻ አልነበረም፤ ያሰበው ደግ ሐሳብም ነበር። ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቢያገኛት ኖሮ በዚያች አንዲት ደቂቃ ነጥብ ሊጨምርላት ነበር። ተኝታ ስላገኛት ሊቀንስባት ነበር። ሁለቱም ያው ዓይን ነው፤ የጋሽ ገብረሚካኤል መስኮት። ሽንኩርቱ ጎኑን ታክኮ ሲያልፍ ያላየው ሰው ሠራተኛ ሊያይ ካራቆሬ ድረስ ወጣ። አይ ሱሌይማን!

በማግስቱ አዲስ ቅጽ ወሰደና ከሥራ ውጤቱ ጀመረ። እያንዳንዱን ሠራተኛ ራሱ ከተስማማበት ዕቅድ ጋር እንጂ አንዱን ከሌላው ጋር አላስተያየም፤ ናጅዋ የምትሠራበትና ደረጄ የሚሠራበት ቀበሌ መንገዱም ወንዙም አይገናኝም። የናጅዋ መኪኖች በቀጠሯቸው ደርሰዋል፤ መጋዘን ገብቶ የተመለሰ ሽንኩርት ከታሰበው በታች ነው፤ አቤቱታ ሳይመለስ አላደረም። የማሾው መጠን ግን ደጋግሞ ዘግይቶ እየተነገረ መጋዘኑን አጨናንቋል። እዚያ ላይ ነጥብ ቀነሰ። ቀነሰና ደነገጠ፦ ይህን ጉድለት ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ነግሯት አያውቅም። ደረጄን በአጠገቡ ሲያልፍ ያናግረዋል፤ እሷን ግን በምን ሲያልፍ ያግኛት?

ደወለላት፤ እንደተረዳው ማታ ከመግሪብ በኋላ።

«ጋሼ፣ ትናንት መጥተው ሳይቀሰቅሱኝ ሄዱ?» አለች። ፈርታለች፤ ከድምፅዋ ይሰማል። ደንቡን ሰምታለች። «ወላሂ እኔ…»

«ስለ እንቅልፍሽ አይደለም የደወልኩት፣ ልጄ። የእንቅልፍሽ ሰዓት የኔ ጉዳይ አይደለም። ስለ ማሾው ነው።»

ነገራት። አዳመጠች። ገበሬዎቹ ማሾውን በየቤታቸው ስለሚወቁ መጠኑ የሚታወቀው ዘግይቶ እንደሆነ፣ ቀድማ ግምቱን፣ ኋላ ትክክለኛውን ብትልክ እንደሚሻል ራሷ አመጣችው። በዚያው ተስማሙ። ከዚያ ሱሌይማን ያላለው ቃል ጉሮሮው ላይ ቀርቶ ነበርና አወጣው፦ «ሽንኩርቱን ግን በሚገባ ነው የሠራሽው። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።» «እሺ፣ ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋ ቀለል ብሎ። 

የደረጄ ምዘና ግን ከበደው። ወንዙ ሞልቶ መኪና ያላሻገረባቸውን ቀናት አወጣለት፤ ያ የእሱ ጥፋት አይደለም። የቀሩት ግን ቀሩ። መኪና ማሳ ደርሶ ገበሬው አልተነገረውም፤ ገበሬው አውጥቶ መኪናው አልታዘዘም፤ ያልተመለሰ አቤቱታ ተከምሯል። ሱሌይማን ይህን ዓመቱን ሙሉ ያውቅ ነበር እኮ! በሙቀቱ አሳበበ፣ በሹፌሩ አሳበበ። ደረጄን አይቶ እንዴት በደረጄ ያሳብብ?

ጠራውና አስቀምጦ ነገረው። ደረጄ ፊቱ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ ከሁሉም ቀድሜ አልገባም?»

«ትገባለህ።»

«ከሁሉም ኋላ አልወጣም?»

«ትወጣለህ። ማን ካደህ።»

«እንግዲያ…» ልጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ዓመቱን ሙሉ ‹ጎበዝ፣ ጎበዝ› ሲሉኝ ነበር።»

ይህች ሱሌይማንን አጥንቱ ድረስ ገባች። እውነት ነው ያለው። መስኮት ሲከፍት ጎበዝ ብሎታል፣ ማተሚያ ሲጠግን ጎበዝ ብሎታል፤ ለገበሬ ስልክ ሲመልስ ግን አንድ ቀን ጎበዝ አላለውም። ሰው የተመሰገነበትን ይሠራል።

«ያመሰገንኩህን ነው የሠራኸው» አለው። «ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው። ስለዚህ እኔም ከግማሹ ጋር አብሬህ እሠራለሁ። ከነገ ጀምሮ ማተሚያውን ሌላ ይጠግነው። ጠዋት ጥጉ ላይ ካለችው ትንሽ ክፍል ገብተህ፣ በርህን ዘግተህ ስልክህን መልስ፤ ልክ እንደ ናጅዋ፣ ገበሬው ቤቱ ሳለ። ማንም ባያይህ ግድ የለም። ገበሬው ሠፈር መውጣት ካሻህም ውጣ፤ ‹የታለ ደረጄ› የሚል ካለ እኔ እመልስለታለሁ።»

ደረጄ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። መካከለኛ ነው ያገኘው፤ ግን በየወሩ ምን ላይ እንደደረሰ አብረው ሊያዩ ቀጠሮ ያዙ። ለእንግዳ ያለው ደግነትም ለሚቀጥለው ዓመት ከሥራው ተቆጥሮ፣ አቤት ባይ ገበሬን ተቀብሎ ማስተናገድ ተብሎ ዕቅዱ ውስጥ እንዲገባለት ሱሌይማን ለወይዘሮ ወርቅነሽ ጻፈ። ሥራ ከሆነ ይቆጠርለት፣ ካልሆነ አይጠየቅበት።

ወይዘሮ ወርቅነሽ ከእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ የተጻፈውን አንብበው ፈረሙ። ናጅዋ ከፍተኛ። ካራቆሬ ትቀራለች።

ትቀራለች። ሱሌይማን ከሥራ አስኪያጇ ቢሮ ወጥቶ ረጅሙ ክፍል መሐል ቆመ። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ልቡ ግን የለቅሶ ቤት ሆነ። በገዛ እጁ ያን ዘመን ቀበረው። ከእንግዲህ ዓሊያ ሮቃው ሥር አትቀመጥም፤ ‹ቤቴ ሞላ› የሚል ሰው አይኖርም። የሚኖረው በየማሳው በቀጠሮው የሚደርስ መኪና ነው። ይህ ይሻላል፤ መሻሉን ያውቃል። የሚሻል ነገር ሁሉ ግን አያስደስትም።

ወንበሩን ከጠረጴዛው ሥር ጎተተው። ጠፍሩ አቧራ ይዟል፤ እግሩ ግን አልነቃነቅ ብሏል። አብዱረዛቅ የሚባለው ሹፌር ቀሪውን ሽንኩርት ሊጭን ባዶ መኪናውን ወደ ካራቆሬ ሊያስነሳ ነው። ሱሌይማን ደረጄን ጠርቶ ወንበሩን አንድ ላይ ተሸከሙት።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሚስማር ወጥቷል። ልምታው?»

«ተወው።»

«ሰው ይወጋል እኮ።»

«ተወው አልኩህ!»

መኪናው ሄደ። ሱሌይማን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ወረቀት ያገላብጥ ጀመር፤ ያነበበው ግን አልነበረም። በተዘጋው በር በኩል ደረጄ ከአንድ ገበሬ ጋር በስልክ ሲነጋገር ይሰማል። ሙቀቱ እንደ ልማዱ ገብቶ ተደላድሏል።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ናጅዋ ናት።

«ጋሼ፣ ወንበሩ ደረሰ። ምን ልበልዎት፣ ጀዛከላህ። እማዬ በእጇ ስትዳብስ፣ ጠፍሩን ስትቆጥር፣ ማንነቱን አወቀችው። አሁን ልትቀመጥ ነው፤ ስልኩን አጠገቧ አደርገዋለሁ።»

ሱሌይማን ስልኩን ጆሮው ላይ አጣበቀ። ምንም አያይም። ጠፍሩ ሲጥጥ ሲል ሰማ። የነጠላ መጎተት ሰማ። 

«ሱሌይማን!» አለ ያ የሞላ ድምፅ። «ዛሬም አልመታኸውም?»

ክፍሉ ውስጥ አብሮት የሚስቅ ማንም አልነበረም። ካራቆሬ ግን እናትና ልጅ ሲስቁ ጥርት ብሎ ይሰማል። እንባው ጢሙ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም፣ የሚያየው የለም።

«ነገ» አለ፣ «ነገ፣ ኢንሻአላህ።»